ምስጋና በጅምላ

ባለፈው ሰሞን፣ ከትምህርት ክፍላችን በጡረታ የተሰናበቱ አንድ መምህር 65 ዓመት ሊሞላቸው ነው ተባለና ትልቅ ካርድ ተገዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። መቼም ልደት ማክበር በየቤታችን የሕፃናት ነገር ነው። አያቴን «መቼ ተወለዱ?» ብላቸው ቀኑን ትተው የክረምቱን ክፋት ነው የሚነግሩኝ። ቢሆንም ካርዱ ዞረ፣ እኔም ዘንድ ደረሰ።

ከእኔ በፊት 19 ሰዎች ጽፈውበታል። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከ19ኙ 11ዱ መምህሩን ከሻማ ጋር አመሳስለዋቸዋል፤ ራሳቸው ቀልጠው ለእኛ አበሩልን ይላሉ። የቀሩት «ለሁሉም ነገር እናመሰግናለን» ብለው ፈርመዋል። እኔም እስክሪብቶዬን አንሥቼ «ውለታዎን ቃላት አይገልጹትም» ብዬ ልጀምር ስል እጄ ቆመ። ለመሆኑ አይገልጹትም ወይ? ሞክሬ አውቃለሁ?

እንግዲህ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው። ሰውን በጅምላ ማመስገን ማመስገን ነው ወይስ ከምስጋና ማምለጫ?

እጄን ያስቆመኝ ምን እንደሆነ ልናገር። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለእኚሁ መምህር ስለ እድር ድርሰት አቅርቤ ነበር። «ሕዝቡ በእድር ይተሳሰባል፣ ሕዝቡ በሐዘን ጊዜ አንድ ነው» እያልኩ ስድስት ገጽ ሞላሁ። ቢሯቸው ስገባ «ሕዝቡ» የሚለው ቃል በተገኘበት ሁሉ በእርሳስ ተሰምሮበታል። አልተቆጡም። «ሰባት ጊዜ ሕዝብ ብለሃል፤ እስቲ አንድ ሰው ስጠኝ» አሉኝና ወረቀቱን መለሱልኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመሩም።

በጣም ተናደድኩ። ቢሆንም ከተከራየሁበት ቤት አጠገብ ጉሊት የሚቸረችሩ አንዲት እናት ነበሩና ሄጄ ጠየቅኋቸው። የነገሩኝ ነገር ድርሰቴን አፈረሰው። በየወሩ ያዋጣሉ፤ ከዘገዩ ቅጣት አለ፤ ወራት ካለፈ ደግሞ ከመዝገብ መሰረዝ አለ። አንድ ዓመት ገበያ ጠፍቶ አራት ወር ሳይከፍሉ ቀሩ። በዚያው ሰሞን ወንድማቸው ሞተ፣ ድንኳኑም ሳይተከል ቀረ። ኋላ ውዝፉን ከነቅጣቱ ከፍለው ተመለሱ። እኔ እድሩን እንዲያማርሩ ጠብቄ «ታዲያ ይሄ መተሳሰብ ነው?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ፍቅር መቼ ነው አልኩህ? ሒሳብ ነው። ፍቅር ያለው ሰው ሲቸግረኝ ላይመጣ ይችላል፤ እድሩ ግን ከከፈልኩ ጥሩምባ ይነፋልኛል፣ ወንበር ያመጣልኛል፣ መቅበር አይቀርም» አሉኝ።

ድርሰቱን እንደ አዲስ ጻፍኩት። እድር የሚያኖረው ስሜት ሳይሆን ደንቡ መሆኑን፣ ደንቡም ለድኻ ጨካኝም አስተማማኝም መሆኑን የተረዳሁት ከዚህች አንዲት ሴት ነው። ከዚያ ወዲህ «ሕዝቡ» የሚል ቃል ስጽፍ እጄ ይይዘኛል።

እንግዲህ ይህን ያስተማሩኝን ሰው «ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» ብላቸው ምን ማለቴ ነው? «ሁሉም ነገር» ማለት ያው «ሕዝቡ» ማለት አይደለም? በእርሳስ የሰመሩበትን ስሕተት በልደታቸው ቀን መልሼ ላበረክትላቸው ነበር።

ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ውለታን ቆጥረህ፣ ለክተህ ልትመልስ ነው? ምስጋና ንግድ ሆነ እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። ጓደኛዬ እንዲያውም ይህንኑ ብሎኛል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ባገራችን ትልቅ ሰው የሚመሰገነው «ዕድሜና ጤና ይስጥልን» ተብሎ ነው፤ ማንም «በምን ምክንያት?» ብሎ አይጠይቅም። ነገር ግን ልብ ብለን ብናየው ይህ ምርቃት ነው። የሚላከውም ለእግዚአብሔር ነው። እርሱ ዝርዝሩን ያውቀዋልና ጅምላው አይጎዳም። ምስጋና ግን ለሰው ነው የሚላከው፤ ሰው ደግሞ አያውቅም። መምህር በዓመት ለስንትና ስንት ተማሪ ሲናገር ይውላል፤ የትኛው ቃሉ የት እንደ ወደቀ፣ የትኛው እንደ በቀለ፣ የትኛውስ መክኖ እንደ ቀረ ከተማሪው በቀር ሊነግረው የሚችል የለም። ይህን ወሬ ይዘን ዝም ካልን ሻማውን ብናቀልጥለትም ምንም አልነገርነውም።

በዚህ ነገር ላይ አሮጌ ምሳሌ አለ። ከ161 እስከ 180 ዓ.ም. በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ሮምን የገዛው ማርቆስ አውሬልዮስ በግሪክኛ ለራሱ በጻፈው ማስታወሻ የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ የተማረባቸውን ሰዎች በተራ ይዘረዝራል። ከ17ቱ አንቀጾች 16ቱ ለሰዎች ናቸው፤ አማልክቱን የሚያመሰግነው በመጨረሻው ለብቻው ነው። ለሰዎቹ የሰጠውን ብናይ ነገሩ ሁሉ ቁርጥ ያለ ነው። ከአንዱ የተማረው «ሥራ በዝቶብኛል» የሚለውን ሰበብ በንግግርም በደብዳቤም እንዳያዘወትር ነው። ከሌላው የተማረው ሰው ቃል ሲሳሳት በነቀፌታ እንዳያቋርጠው፣ ይልቁንም ትክክለኛውን ቃል በመልሱ ውስጥ እንዲያገባለት ነው። ሩስቲኩስ ከቤቱ አውጥቶ የኤፒክቴተስን ትምህርት እንዳዋሰው፣ ሲያነብም ለጥቅሉ ሐሳብ ብቻ እንዳይረካ እንዳስተማረው ይናገራል። በዚያው ላይ ሩስቲኩስን ብዙ ጊዜ ይቆጣው እንደ ነበር አልደበቀም።

ከእነዚህ መምህራን አንዱ፣ ዛሬ አልጄሪያ በምንላት አገር በቂርጣ ከተማ የተወለደው ፍሮንቶ፣ የላቲን ንግግር አስተማሪው ነበር። የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍተው ኖረው በ1815 መታተም ጀመሩ። መጀመሪያ የተገኙትም ሚላኖ ውስጥ፣ ተፍቆ ሌላ ጽሑፍ በተጻፈበት ብራና ላይ ነው። ከመካከላቸው ማርቆስ ለፍሮንቶ የልደት ቀን የጻፈው አንድ አለ። ሌሎች ለባለ ልደቱ ይጸልያሉ፣ እኔ ግን ለራሴ እጸልያለሁ ይልና በሐሳቡ በየቤተ መቅደሱ እየዞረ ለመምህሩ ጤና፣ ለራሱም ከመምህሩ አፍ የሚወጣ ዕውቀት ይለምናል። ጣፋጭ ደብዳቤ ነው፤ ግን ስሙ ቢለወጥ ለሌላ መምህርም ይሆናል።

ልደትን የማይጠቅስ ሌላ ደብዳቤው ግን እንዲህ አይደለም። ፍሮንቶ በአንድ መልእክቱ አረፍተ ነገሩን በግድየለሽነት መጻፉን ነቅፎበት፣ በሌላው ደግሞ አሞግሶት ነበር። ማርቆስ ይበልጥ ደስ ያሰኘው ነቀፌታው መሆኑን ይነግረዋል። ደስታውም አጻጻፉ ስለ ታረመለት አይደለም፤ እውነት መናገርን ከእርሱ ስለ ተማረ ነው። ይህ ደብዳቤ ለሌላ ሰው አይላክም። ምክንያቱም በውስጡ አንድ ጥፋት፣ አንድ እርማት፣ ከእርማቱ የተገኘ አንድ ነገር አለ።

እዚህ ላይ የዝርዝር ምስጋና ለምን እንደሚከብድ ይገባናል። ምክሩን ለመጥቀስ ምክሩ ያረመውን ጥፋት መናዘዝ ያስፈልጋል። «ሻማ ነዎት» የሚል ሰው ስለ ራሱ ምንም አልተናገረም። እኔ ግን ሰባት ጊዜ «ሕዝቡ» ብዬ አንድም ሰው ሳልጠይቅ መጻፌን ካልተናገርኩ የመምህሬን ምክር መናገር አልችልም። ጓደኛዬ ንግድ ያለው ይህ ከሆነ፣ ጉሊቷ እናት መልሰውለታል፦ ሒሳብ የፍቅር ጠላት አይደለም። በሒሳብ የተያዘ ነገር ቢያንስ እውነት ይሁን ሐሰት ይታወቃል።

ዝርዝሩም የራሱ አደጋ አለው። መጀመሪያ ዘጠኝ ምክር ቆጥሬ ጽፌ ነበር፤ ሳነበው የሱቅ ዱቤ መሰለኝ፣ ቀደድኩት። ሁለተኛው አደጋ መምህሩ ያላሉትን በአፋቸው ማኖር ነው። ዕለቱን አብሮኝ ቢሮ የገባውን ልጅ ብጠይቀው «ስጠኝ አላሉህም፣ አምጣ ነው ያሉህ» አለኝ። ማንኛችን ትክክል እንደ ሆንን እንጃ። ሦስተኛው፣ መምህሩ የሚኮሩበት ሌላ ሆኖ እኛ የምናመሰግናቸው በሌላ ሊሆን ይችላል። ፍሮንቶ የደከመው በንግግር ጥበብ ነበር፤ ማርቆስ በማስታወሻው ስሙን ሲያነሣ ግን የጠቀሰው ያን አይደለም፤ በገዢዎች ዘንድ ያለውን ቅናትና ግብዝነት ማስተዋልን ነው። ፍሮንቶ ቢያነበው ቅር ይለው ይሆናል። እውነተኛ ምስጋና ይህንን ይደፍራል።

በመጨረሻ ካርዱ ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፦

«የተከበሩ መምህር፣ እንኳን ለ65ኛ ዓመትዎ አደረሰዎ። በሁለተኛ ዓመት ስለ እድር በጻፍኩት ድርሰት ‹ሕዝቡ› በሚለው ላይ ሰባት ጊዜ አስምረው፣ እንደማስታውሰው ‹አንድ ሰው ስጠኝ› ብለውኝ ነበር። ተናድጄ ወጣሁ። አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ጠየቅሁ፤ ድርሰቴ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳልጠይቅ ስለ ሰው አልጽፍም። ምክርዎ የማይበቃበትም ቦታ አጋጥሞኛል፤ አንድ ሰው ብዙ ሰው አይደለምና፣ አንዳንዴ አሥር ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። ያም ሆኖ የተጀመረው በዚያ እርሳስ ነው።»

ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ ተገናኘን። ካርዱን አንብበውታል። «የተናገርኩትን ፈጽሞ አላስታውሰውም» አሉኝ። ትንሽ ሄድ ብለው ደግሞ ዘወር አሉና «ሴትየዋስ? ደኅና ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም ነበር። ድርሰቴን ካስረከብኩ ወዲህ እግሬ ወደዚያ ጉሊት አልደረሰም። ለመምህሬ በዝርዝር ያመሰገንኩት ሰው፣ ዝርዝሩን የሰጡኝን እናት በጅምላ እንኳን አላመሰገንኳቸውም።