ሁለት ፋሲካ በአንድ ቤት

ዛሬ ሮሜ 14 ላይ ነን፤ ጳውሎስ አንዱ ቀንን ከቀን እንደሚለይ፣ ሌላው ደግሞ ቀኑን ሁሉ እኩል እንደሚያይ የሚናገርበት ክፍል ነው።

በ2024 የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 31 ዋለ፤ የሀገር ቤቱ ደግሞ ሜይ 5። እዚህ አውሮራ ውስጥ ልጆቹ ትንሣኤን ሲያከብሩ እናት ገና ጾም ላይ የነበሩበት ቤት አለ። የስደት ጣጣ ይመስለናል። ግን ከ1,300 ዓመት በፊት በእንግሊዝ ቤተ መንግሥትም ይኸው ሆኗል።

የኖርዘምብሪያ ንጉሥ ኦስዊዩ የአይርላንድ መነኮሳትን ሥርዓት ይከተል ነበር። ንግሥቲቱ ኢያንፍሌድ ግን ከኬንት የመጣች፣ የሮምን ሥርዓት የያዘች ናት። ስለዚህ ንጉሡ ፋሲካ ሲበላ እርሷ ገና በሆሳዕና ጾም ላይ የምትሆንበት ጊዜ ነበር።

ሁለቱም ወገን የሚያከብረው እሑድ ነው። ልዩነቱ በጨረቃ ቆጠራ ነበር። አይርላንዶቹ እሑዱን ከጨረቃዋ 14ኛ እስከ 20ኛ ቀን ባለው ይፈልጋሉ፤ ሮማውያኑ ከ15ኛ እስከ 21ኛ። 14ኛው ቀን ራሱ እሑድ ከዋለ እነዚያ ያከብራሉ፣ እነዚህ ሳምንት ይጠብቃሉ። የዘመን ሰንጠረዡም ይለያይ ነበር፤ የአይርላንዶቹ የ84 ዓመት ዑደት ሲሆን የሮማውያኑ ከእስክንድርያ የመጣው የ19 ዓመት ዑደት ነው። የባሕረ ሐሳባችንም ሥር እዚያው እስክንድርያ ነው።

በ664 እመምኔት ሂልድ በምታስተዳድረው በዊትቢ ገዳም ተሰበሰቡ። ጳጳሱ ኮልማን፣ “ይህ ከሐዋርያው ዮሐንስ የተቀበልነው ነው” አለ። ዊልፍሪድ ደግሞ የመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ የተሰጠው ለጴጥሮስ መሆኑን አነሣ። ንጉሡም በር ጠባቂውን ተቃውሜ በሩ እንዳይዘጋብኝ ብሎ ለሮም ፈረደ።

ሂልድ ከአይርላንዶቹ ጋር ነበረች፤ ሆኖም ውሳኔውን ተቀብላ በስፍራዋ ቆየች። ኮልማን ግን መንበሩን ትቶ፣ አይርላንዳውያን መነኮሳቱንና 30 ያህል እንግሊዛውያንን ይዞ ሄደ።

አሁን ልብ በሉ። እነዚህ ስለ ፋሲካ አንድ አሳብ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። በአንዲት የአይርላንድ ደሴት ሰፈሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን በእህል ተጣሉ። አይርላንዶቹ በበጋ፣ በአጨዳ ጊዜ፣ እየተዘዋወሩ ይከርማሉ፤ ክረምት ሲገባ ተመልሰው እንግሊዞቹ የሰበሰቡትን መካፈል ይፈልጋሉ። ኮልማን ሌላ አማራጭ ስላጣ ለእንግሊዞቹ በማዮ ለብቻ ገዳም ሠራላቸው። በቀኑ የተስማሙት በማዕዱ ተለያዩ።

ወገኖቼ፣ በ2025 ሁለቱ ፋሲካዎች ኤፕሪል 20 ላይ ገጥመው ነበር። በዚያ ቀን አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን ያልተነጋገርን ወንድማማቾች የለንምን? ቀኑ ገጥሞ ነበር፤ እኛ ነን ያልገጠምነው። ፋሲካዎቹ ሲለያዩ ደግሞ፣ እናትህ እየጾሙ በፊታቸው ሥጋ አትቁረጥ። ጳውሎስ ስለ መብል ወንድምህን አታሳዝን ያለው እዚሁ ምዕራፍ ላይ ነው። የተነሣው ጌታ አንድ ነው።

እንጸልይ።