ልጅነትን ከነድኽነቱ ስለ መጻፍ

በቆሎ ተማሪነት አልፈው ለመዓርግ ከበቁ ሰዎች መካከል ዜና ሕይወቱን የሚጽፍ አንዱ፥ ከትውልድ አገሩ ተነሥቶ ቅኔን ከዚህ መምህር፥ ድጓን ከዚያ ተማርሁ እያለ ሲያልፍ፥ በመካከሉ ምን በልቶ እንዳደረ ቃል አይተነፍስም፤ ሌላው ደግሞ ረኃቡን እንደ ቅዱሳን ገድል አድርጎ፥ ለሊቅነት ያበቃው ያ ባዶ ሆዱ እንደ ነበረ ይተርካል። የፊተኛው በዚያ ልጅ ዐፍሮበታል፤ የኋለኛውም ዛሬ ያገኘውን ክብር መልሶ አልብሶታል፤ ልጁን ግን ሁለቱም አላሳዩንም።

ልጁ በክረምት ጭቃ ደበሎውን ደርቦ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ የሚሆን በትር ይዞ፥ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ከአንዱ ቤት የገብስ፥ ከሌላው የዳጉሳ ቁራሽ ይቀበላል፤ የተረፈውም ደርቆ ኮቾሮ ይሆንና ለሌላ ቀን በውሃ ርሶ ይበላል። ኃይለኛ ውሻ ያለው በየትኛው ግቢ እንደ ሆነ፥ የትኛይቱም እናት አብልጣ እንደምትቈርስ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይህ ዕውቀቱ እንዳለ ከተጻፈ፥ «ምስኪን» የሚለውም ሆነ «ብፁዕ» የሚለው ቅጽል አያስፈልገውም። የሰጪዪቱም ጎተራ በዚያ ወራት፥ አዲሱ እህል ሳይደርስ፥ መጉደሉ አብሮ ይነገር፤ ቁራሹ ከልጆቿ ድርሻ የተነሣ ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሥርዓቱን ከችጋሩ መለየት ይገባል። የባለጠጋ ልጅም ቢሆን ከቤቱ ርቆ እየለመነ ይማር ነበር፤ ልመናው ትሕትናን የሚያስተምር የጉባኤ ቤት ልማድ ነውና፥ በተማሪዎቹ ዘንድ አያሳፍርም ነበር። ሆኖም በአንድ ጎጆ፥ በአንድ ዐይነት ደበሎ ካደሩት ሁለት ልጆች፥ አንዱ ሲከፋው የሚመለስበት የአባት ቤት ሲኖረው፥ ሌላው ወላጅ አልባ ሆኖ፥ አኮፋዳው ባዶ በሆነበት ቀን ጦሙን ከማደር በቀር መሄጃ አልነበረውም። ለመጀመሪያው ተግሣጽ የነበረው ነገር ለሁለተኛው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር፤ የሁለቱን ታሪክ በአንድ ውዳሴ የሚጠቀልል ጸሐፊም፥ ሳያስበው የሁለተኛውን ልጅ መከራ ይሰርቀዋል።

ደግሞም ቅማል የሚያስተላልፈው ተስቦ ተፋፍገው በሚያድሩበት ጎጆ ሲገባ፥ ያለቁት ልጆች ዜና ሕይወት አልጻፉም፤ ዐቅም አንሷቸው ወደ እርሻ የተመለሱትም እንዲሁ። ረኃብ ሊቅ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፥ እነዚያም ሊቃውንት በሆኑ ነበር፤ የቀረውን ልጅ ያበቃው የየኔታ ትጋት፥ የራሱ ልቡና፥ የእነዚያ ሴቶችም እንጀራ ነው።

ስለዚህ ልጅነቱን ሊጽፍ ብዕር ያነሣ ሁሉ፥ ከመምህራኑ ስም ቀጥሎ ቁራሽ የሰጡትን እናቶች፥ ከጎኑም ተኝተው ያልተነሡትን ጓደኞቹን፥ ስማቸውን እስካስታወሰ ድረስ እየጠራ እንዲጽፍልን እለምነዋለሁ።