ዓመቱ ሲዞር የሚላከው ዱዓእ እና የአንድ ወንድማችን ጥያቄ



ዙልሒጃ ሊያልቅ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው በየዓመቱ ስልካችን ላይ የሚመጣ መልእክት አለ። «የዓመቱ መጨረሻ ዱዓእ» ከመግሪብ በፊት ሦስት ጊዜ፣ «የዓመቱ መጀመሪያ ዱዓእ» ደግሞ ከመግሪብ በኋላ ሦስት ጊዜ ይቀራል ይላል። ይህን ያደረገ ሰው የሸይጧንን የዓመት ልፋት በአንድ ሰዓት ከንቱ ያደርግበታል ተብሎም ይጨመርበታል። ታች ላይ «ለአሥር ሰው ላክ» አለ። አንዳንዱማ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይልከዋል። በሂጅራ አቆጣጠር ግን ቀኑ የሚገባው በመግሪብ ስለሆነ አዲሱ ዓመት ከገባ ስድስት ሰዓት አልፎታል!

ባለፈው ሙሐረም ዋዜማ ደሴ ያለ አንድ ወንድማችን ይህንኑ ልኮልኝ «ኡስታዝ፣ ሰሒሕ ነው? ካልሆነ ትክክለኛውን ይላኩልኝ» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ የተቀመጠ ልጅ ነው። አጎቱ ከኳታር የመጋዘን ሥራ ቪዛ አገኝልሃለሁ ብሎት ልቡ እዚያ ነበር። የፈለገው አዲሱ ዓመት እንዲከፈትለት ነው።

ያ ዱዓእ በተለየ ሰዓቱ፣ በቁጥሩና በተነገረለት ምንዳ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጣ ሰሒሕ መሠረት የለውም። ሐሳቡ ምሕረት መጠየቅ ስለሆነ ክፉ ነገር የለበትም፤ ማንም ሰው በራሱ ቃል አላህን ይቅርታ ቢጠይቅ ማን ይከለክለዋል? ችግሩ ነቢዩ ያላሉትን እሳቸው ያሉት አድርጎ ማሰራጨቱ ላይ ነው። በሌላ በኩል «በዓመት መግቢያ ምንም ዱዓእ የለም፣ ሁሉም ቢድዓ ነው» ብሎ መዝጋትም አይገባም። ሰሓቦች ወር ወይም ዓመት ሲገባ የሚሉትን ዱዓእ ቁርኣን እንደሚማሩት ይማሩት እንደነበር ዐብደላህ ኢብኑ ሂሻም አስተላልፈዋል፤ ኢብኑ ሐጀርም ሰነዱን ሰሒሕ ብለውታል። በውስጡ የሚጠየቀው ጥቂት ነገር ነው፦ ዓመቱ በሰላም፣ በኢማንና በኢስላም እንዲገባ፣ ከሸይጧን መጠበቅና የአላህ ውዴታ። ሰሓቦች የተማማሩት መሆኑን እንጂ የነቢዩ ንግግር መሆኑን እንደማንናገር ልብ በሉ። የምንዳ ቁጥርም የለውም።

ለወንድሜ ይህንን ከላክሁለት በኋላ «ላለፈው ዓመት ሹክር አድርገሃል?» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ «ኡስታዝ እውነቱን ልንገርዎት፣ ባዶ ዓመት ነበር፤ በምኑ ላመስግን?» ብሎ ጻፈ። እንዲህ የሚሰማችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። «በል ከዐሹራ እስከ ዐሹራ ወር በወር አስታውስና ጻፍልኝ» አልኩት። በማግስቱ የመጣው ዝርዝር ውስጥ የእናቱ ቀዶ ሕክምና በሰላም ማለቁ ነበር። የሁለት ዓመት ዕዳ መክፈሉም፣ ዐምመ ጁዝእን ሐፍዞ መጨረሱም ነበር። ሥራ ስላላገኘ ብቻ ሦስቱንም ረስቷቸዋል።

«የእናትህ ዜና ሲደርስህ ምን አደረግህ?» ስለው «ለዘመድ ሁሉ ደወልኩ» አለ። መደወሉ ጥሩ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን የሚያስደስት ነገር ሲደርሳቸው ለአላህ ሱጁድ ይወርዱ እንደነበር አቡ በክረህ አስተላልፈዋል። ከዕብ ኢብኑ ማሊክን አስታውሱ። ከተቡክ ዘመቻ ቀርተው ሰው ሁሉ 50 ቀን አኩርፏቸው ነበር። ተውበታቸው ተቀባይነት ማግኘቱን ከተራራው ላይ የሚጣራ ሰው ድምፅ ሲሰሙ እዚያው ሱጁድ ወረዱ። ሱጁደ ሹክር አንዲት ሱጁድ ናት፤ ከሶላት ውጭ የምትደረግና አዲስ ጸጋ ሲደርስ ወይም መከራ ሲወገድ የምትወረድ። አብዛኞቻችን በምንከተለው በሻፊዒይ መዝሀብ እንደ ሶላት ውዱእና ቂብላ ይፈለግባታል፣ ሶላት ውስጥ ሆኖ ማድረግም አይቻልም። ስለዚህ ጊዜዋ ካለፈ በኋላ ለዓመት የተጠራቀመ ጸጋ ማካካሻ አትሆንም።

ታዲያ ላለፈው ዓመት ምን አለን? ዐሹራ አለን። ነቢዩ መዲና ሲገቡ አይሁዶች ሙሐረም 10ን ሲጾሙ አገኙ። ምክንያቱን ሲጠይቁ አላህ ሙሳንና ሕዝቡን ከፊርዐውን ያዳነበት ቀን እንደሆነና ሙሳ ለምስጋና እንደጾሙት ነገሯቸው። እሳቸውም ጾሙት፣ አስጾሙትም። ሙሳ ያመሰገኑት በሆዳቸው ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ተርበው። ምንዳው ደግሞ ያለፈውን ዓመት ኃጢአት ማስማር መሆኑን ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ይነግረናል። ዑለማኦች ይህ ስለ ትናንሽ ኃጢአቶች ነው ይላሉ፤ የሰው ሐቅ የበላ ሰው ሐቁን ይመልስ። ከተቻለ 9ኛውም ይጾማል፤ ነቢዩ በሕይወት ከቆዩ እንደሚጾሙት ተናግረው ነበርና። ወንድማችን ሁለቱንም ቀን ጾመ። ሲጾም ያንን ዝርዝር ኪሱ ይዞ እንደነበር በኋላ ነገረኝ።

የቀረው መጪው ዓመት፣ ማለትም ቪዛው ነው። «አላህ መልካሙን ያምጣ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን በእጁ አንድ የተወሰነ ጉዳይ ላለው ሰው ኢስቲኻራ አለው። ጃቢር እንደሚሉት ነቢዩ ይህንን እንደ ቁርኣን ሱራ ያስተምሯቸው ነበር። ሁለት ረከዓ ሱና ይሰገዳል፣ ከዚያ ዱዓኡ ይደረጋል። ሐፍዘህ ካልቻልክ ከወረቀት አንብበው። ሱና ሶላት በተከለከለባቸው ወቅቶች፣ ለምሳሌ ከዐስር በኋላ እስከ መግሪብ፣ አትስገደው። በዱዓኡ አላህን በዕውቀቱና በችሎታው ትጠይቀዋለህ፤ አንተ አታውቅም፣ አትችልምም። ከዚያ ጉዳይህን በስሙ ትጠራለህ። ለዲንህ፣ ለኑሮህና ለመጨረሻህ መልካም ከሆነ እንዲወስንልህና እንዲያገራልህ፣ መጥፎ ከሆነ እሱንም ከአንተ አንተንም ከእሱ እንዲያርቅህ ትለምነዋለህ። ከርቀህ ልብህ ግን እዚያው ቢቀር ምን ይጠቅምሃል? በመጨረሻም መልካሙን የትም ይሁን የት እንዲወስንልህና በእሱ እንድትወድ እንዲያደርግህ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሰግዶ ተኝቶ ሕልም ይጠብቃል። አረንጓዴ ካየ ሂድ፣ ጥቁር ካየ ቅር ይላል። ሐዲሱ ውስጥ ሕልም የሚባል ነገር የለም። «ምልክት ይታየኝ» ብለህ ቁጭ አትልም፤ ታማክራለህ፣ ታጣራለህ፣ ወደ ጉዳዩ ትገባለህ። እኔም ወንድሜን «ውሉን አይተኸዋል? ደመወዙ ስንት ነው? ትኬቱን ማን ይከፍላል? እናትህ ምን አለች?» አልኩት። ውሉን አላየውም ነበር። ኳታር ሠርቶ የተመለሰ ሰው አማከረ፤ አጎቱም ውሉን ላከለት፤ እናቱ ፈቀደች። ሦስት ሌሊት ኢስቲኻራ አድርጎ ፓስፖርቱን አስገባ።

አልሆነም። ሦስት ወር ከተንጠለጠለ በኋላ ቪዛው ቀረ። «ኡስታዝ፣ ኢስቲኻራዬ አልተሰማም ማለት ነው?» ብሎ ደወለ፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «የመጨረሻዋን ልመና ታስታውሳለህ?» አልኩት። ዝም አለ። አሁን የጎረቤት ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ይይዛል፣ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ገና አልወደደውም። ሰሞኑን ሲጽፍልኝ ከሶላት በኋላ ያቺን የመጨረሻዋን ብቻ እየደጋገመ እንደሚለምን ነገረኝ፤ «ያቺኛዋ ገና አልደረሰችኝም ኡስታዝ፣ እየጠበቅኳት ነው» ብሎ።