የኑጉ አባት ማን ነው?

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ገብስም ኑግም ለረጅም ጊዜ ሲሻሻሉ ኖረዋል። አራቢው በሁለቱም ሰብሎች ላይ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ ከማሳው መርጬ የለየሁት ተክል ከጎረቤቶቹ ከበለጠ፣ ከብልጫው ምን ያህሉ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል? መልሱ የሚገኝበት ስሌትም አንድ ነው። የወላጆችን ልክ በአግድሙ፣ የልጆችን አማካይ በቋሚው አስቀምጦ በነጥቦቹ መካከል መስመር ማስመር፣ ከዚያም የመስመሩን ተዳፋት ማንበብ ነው። በገብስ የተገኘ 0.25 እና በኑግ የተገኘ 0.25 ግን አንድ ነገር አይናገሩም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ሁለት አሮጌ ሙከራዎች መመለስ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1875 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ለአበባው የሚተከል የአተር ዓይነት ፍሬ በመጠኑ በሰባት መደብ ለይቶ፣ ከየመደቡ አሥር አሥር ፍሬ እየቋጠረ ለወዳጆቹ ላከ። ዘርተው ምርቱን እንዲመልሱለት ነበር፤ ቻርልስ ዳርዊንም ከዘሪዎቹ አንዱ ነበር። ከትልልቅ ፍሬዎች የተገኙት ልጆች ከአማካይ በለጡ፤ ብልጫቸው ግን ከወላጆቹ ብልጫ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ሆነ። ትንንሾቹም በዚያው ልክ ወደ መካከል ተጠጉ። ጋልተን አተሩን የመረጠው በብልሃት ነው፤ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ስለ አባት መጨነቅ አላስፈለገውም።

ዴንማርካዊው ቪልሄልም ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው ሥራ ያንኑ ጥያቄ በቦሎቄ ላይ አነሳ። ከአንድ ተክል የወረደውን ዘር ሁሉ ለየብቻ እያቆየ 19 ንጹሕ መስመሮችን ተከታተለ። ቦሎቄው እንደ ድብልቅ ሲታይ ከባድ ፍሬ ከባድ ልጅ ይሰጣል። በአንዱ መስመር ውስጥ ብቻ ሲመረጥ ግን ከከባዱም ከቀላሉም ፍሬ የሚገኙት ልጆች በአማካይ እኩል ናቸው። ተዳፋቱ ዜሮ ሆነ ማለት ነው። በመስመሩ ውስጥ የነበረው ልዩነት የአፈርና የአቀማመጥ እንጂ የዘር አልነበረም። በእኔ አስተያየት ከጋልተን ይልቅ የዮሃንሰን ሙከራ ለሆለታ ገብስ ይቀርባል። የገበሬው ገብስ የብዙ መስመሮች ድብልቅ ስለሆነ የመጀመሪያው ምርጫ ፍሬ አለው፤ አንድ መስመር ተለይቶ ከወጣ በኋላ ግን በውስጡ መምረጥ ልፋት ብቻ ነው፤ አዲስ ልዩነት የሚገኘው በማዳቀል ነው።

ኑግ ሌላ ፍጥረት ነው። የራሱን ብናኝ አይቀበልም። አንዱን ተክል ብቻውን በከረጢት ብትሸፍነው ፍሬ አይዝም ለማለት ይቻላል። በጥቅምት ማሳው ቢጫ ሲሆን ንቦቹ ብናኙን ከተክል ወደ ተክል ያመላልሳሉ፤ ከአንድ እናት የሚታጨደው ዘር እናቱ የታወቀች፣ አባቶቹ ግን መላው ማሳ ነው። እናቲቱ ከዘር ብልጫዋ የምታወርሰው ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ ካልተመረጡ አባቶች ስለሚመጣ በአማካይ ብልጫ የለውም። ስለዚህ በእናትና በልጅ መካከል የተሰመረው ተዳፋት የሚያሳየው የውርስ ድርሻውን ግማሽ ብቻ ነው፤ ሙሉው የሚገኘው በሁለት ሲባዛ ነው። ራሱን በራሱ በሚያዳቅለው ገብስ ግን እናትም አባትም አንዱ ተክል ስለሆነ ተዳፋቱ በሁለት አይባዛም።

በትንሽ ምሳሌ እናስላው። ቁጥሮቹ ለትምህርት የተዘጋጁ ናቸው። ኑግ ሲረዝም በነፋስ ይጋሸባልና ቁመትን እንውሰድ። አምስት እናቶች 110፣ 120፣ 130፣ 140 እና 150 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ አማካያቸው 130። በሚቀጥለው ክረምት የየእናቱ ልጆች ለየብቻ ተዘርተው አማካይ ቁመታቸው በቅደም ተከተል 121፣ 124፣ 125፣ 129 እና 131 ሆነ፤ የሁሉም አማካይ 126። ዝናቡ አንሶ ሁሉም ቢያጥሩም ችግር የለውም፤ እያንዳንዱን ከራሱ ዓመት አማካይ እናነጻጽራለን። የእናት ልዩነት x፣ የልጆች ልዩነት y ይሁን፦

b = Σxy / Σx² = 250 / 1000 = 0.25
h² = 2b = 0.5

ከቁመት ልዩነቱ ግማሹ ከወላጅ ወደ ልጅ ተደምሮ የሚያልፍ፣ ማለትም አራቢው በምርጫ ሊይዘው የሚችል ነው። ጠባቡ የውርስ ድርሻ የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱን አጫጭር እናቶች፣ 110 እና 120ን ብንመርጥ ከአማካይ በ15 ሴንቲ ሜትር ያጥራሉ፤ ልጆቻቸው ግን የሚያጥሩት በ0.25 × 15፣ ማለትም በ3.75 ሴንቲ ሜትር ነው። ረጃጅሞቹ አበባቸው ሳይፈነዳ ከማሳው ቢነቀሉና አባቶቹም በዚያው ልክ ያጠሩ ቢሆኑ ግን 7.5 ሴንቲ ሜትር ይገኛል። የምርት ብዛት የሚታወቀው ግን ከአጨዳ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ንቦቹ ሥራቸውን ጨርሰዋል። አባትን መምረጥ ስለማይቻል እድገቱ በግማሽ ይቀራል፤ በኑግ በተራ ምርጫ ምርትን ማሳደግ የሚያዘግመው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ማባዛቱ የራሱ አደጋ አለው፤ ስህተትም አብሮ ይባዛል። የተዳፋቱ መዋዠቅ 0.1 ከሆነ የውርስ ድርሻው መዋዠቅ 0.2 ነው። አምስት እናት ለወረቀት ይበቃል፤ ለማሳ ግን በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ ቢቻል ከመቶ የሚበልጡ ያስፈልጋሉ። አጫጭሩንም ረጃጅሙንም እናት ሆን ብሎ መምረጥ ተዳፋቱን አያዛባም፤ እንዲያውም መስመሩን ያጠነክረዋል። መሃል ላይ የተከማቹ እናቶችን ብቻ መያዝ ግን ውጤቱን ደካማ ያደርገዋል።

ከዚህ የከፋው አፈሩ ራሱን ዘር አስመስሎ ሲያቀርብ ነው። እናቶቹ በቆሙበት ቅደም ተከተል ልጆቻቸው በዚያው ማሳ ከተዘሩ፣ ለም በሆነው ጥግ የነበረችው እናት ልጆች እዚያው ለም ጥግ ላይ ይውላሉ፤ ተዳፋቱም ያለ ዘር ያድጋል። መድኃኒቱ ልጆቹን በዕጣ ደልድሎ በተለያዩ ድግግሞሾች መዝራት ነው። ሌላው የእናት ስንቅ ነው። የጠገበች እናት ወፍራም ፍሬ ትሰጣለች፤ ከወፍራም ፍሬ የወጣ ቡቃያም ሲጀምር ይፈጥናል። ቡቃያው ሳለ ከፍተኛ የነበረው ተዳፋት ሰብሉ ሲደርስ ጉልህ ሆኖ ከወረደ፣ መጀመሪያ የተለካው ከውርስ ይልቅ ስንቁ ነበር ብሎ መጠርጠር ይገባል። 2b ከ1 ከበለጠ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ማረጋገጫ ይቀርባል፤ ወይ አፈሩ ገብቶበታል፣ ወይ በገብስ እንደሚሆነው ራሱን ያዳቀለ ሰብል ያለ አግባብ በሁለት ተባዝቷል፣ ወይ እናቶቹ ጥቂት ናቸው። ጎመንዘር መሃል ላይ ነው፤ በአብዛኛው ራሱን እያዳቀለ ከውጭም ስለሚቀበል በአንድም በሁለትም ማባዛት ልክ አይሰጥም።

የሆለታ ቀይ አፈር ላይ የተገኘ 0.5 ደግሞ የሆለታ ነው። የነዚያው እናቶች ልጆች ጊንጪ ጥቁር አፈር ላይ ተዘርተው ተዳፋቱ ቢቀንስ፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ከፊሉ ዘርና ቦታ ተስማምተው የሰጡት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አንባቢዬ፣ የኑግ ሪፖርት ላይ h² የሚል ቁጥር ስታገኝ ከማመንህ በፊት አራት ነገር ጠይቅ፦ ስንት እናት ነበሩ፣ ልጆቹ በዕጣ ተደልድለዋል ወይ፣ የትኛው አፈር ላይ ተዘሩ፣ ተዳፋቱስ የተባዛው በስንት ነው? ይህ ካልተጻፈ ቁጥሩን ለምርጫ አትጠቀምበት።