የአስማእ ሸክም እና የእኛ ጀሪካን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

 

ዛሬ ስለ አንድ ኩርፊያ እናውጋ። በሽማግሌ ፊት የማይቀርብ፣ ማንም «በደሌ ይህ ነው» ብሎ የማይናገረው፣ ግን ቤትን ከውስጥ የሚያቀዘቅዝ ኩርፊያ አለ። ምንጩ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ወይም ሌላ ሴት አይደለም። ውሃው፣ እንጨቱ፣ ሊጡ፣ የልጁ ለቅሶ ነው።

ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ ቆላ የወረደ ሰው አገሩን ያውቀዋል። ሙቀት፣ ድንጋይ፣ ፍየል፣ ዝናብ ሲጠፋ የሚደርቅ ምንጭ። እስቲ እዚያ ያለች አንዲት እህታችንን እናስብ። ሱብሒ ሰግዳ ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ወደ ውሃ ትወርዳለች። ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው እንበል። ይህ በሳምንት አስር ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ገና ውሃው ብቻ! ስትመለስ እሳት ታነዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ልጅ ታጠባለች። ከዚያ እንጨት፣ ከዚያ እህል ማበጠር፣ ከዚያ ማታ ራት። ባሏም ሰነፍ አይደለም። በእርሻ ወቅት በሬ ጠምዶ ይውላል፣ በበጋ እርከን ይሠራል። ግን መግሪብ ላይ ሲገባ የእሱ ሥራ ያልቃል፤ የእሷ አላለቀም።

አንድ ቀን ራት ይዘገያል። እሱም ሳያስበው «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ይላል።

ኩርፊያው እዚህ ላይ ይጀምራል። እሷ ያዘነችው በድካሟ አይደለም፤ ድካም ለምዳለች። ያቆሰላት ሥራዋ እንዳልነበረ መቆጠሩ ነው። እርሻ ሲታረስ መስመሩ ይታያል፣ እርከን ሲገነባ ይቆማል። ውሃ ግን ይጠጣል፣ እንጀራ ይበላል፣ ጠዋት ሁሉም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እሷ ዝም ትላለች። መልሷ ያጥራል፣ «አባትህን ንገረው» እያለች በልጇ በኩል መነጋገር ትጀምራለች። እሱ ደግሞ ይህን ንቀት አድርጎ ይወስደዋል። «ለማን ብዬ ነው የምለፋው?» ይላል። ሁለቱም የደከሙ፣ ሁለቱም የተበደሉ መስሏቸው አንድ ጣሪያ ሥር ይራራቃሉ።

አሁን ወደ መዲና እንሂድ። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) የራሷን ታሪክ ስትናገር ቡኻሪ ዘግቦልናል። ዙበይርን (ረ.ዐ) ስታገባ ከፈረሱና ውሃ ከሚያመላልስበት ግመሉ በቀር ሀብት አልነበረውም። ፈረሱን የምትቀልበው እሷ፣ ውሃ የምትቀዳው እሷ፣ የቆዳ ባልዲውን የምትሰፋው እሷ፣ ሊጥ የምታቦካው እሷ ነበረች። ዳቦ መጋገር ስለማይሆንላት የአንሷር ጎረቤቶቿ ይጋግሩላት ነበር፤ ቅን ሴቶች ነበሩ ብላ ታመሰግናቸዋለች። የተምር ፍሬም ከዙበይር መሬት በራሷ ተሸክማ ትመጣለች። መንገዱ የፈርሰኽ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ በእኛ ስሌት ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ።

አንድ ቀን ሸክሙ በራሷ ላይ እያለ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከባልደረቦቻቸው ጋር መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ከኋላቸው ሊያሳፍሯት ግመላቸውን ማንበርከክ ጀመሩ። እሷ ግን ከወንዶች ጋር መጓዙን አፈረች፤ የዙበይርንም ቀናተኝነት አስታወሰች። ቤት ደርሳ የሆነውን ስትነግረው የዙበይር መልስ ምን ነበር? ከሳቸው ጋር ከመሳፈሯ ይልቅ ያንን ፍሬ መሸከሟ በእሱ ላይ እንደሚከብድበት ነገራት።

ወንድሜ፣ ይህን ልብ በል። ዙበይር በቅናቱ የታወቀ ሰው ነው። ግን የሚስቱን ሸክም ያውቀዋል፣ ያሳፍረዋል፣ ደግሞም በአፉ ነገራት። «ሌሎች ሴቶችም ይሸከማሉ» አላላትም።

በኋላ አባቷ አቡበክር (ረ.ዐ) ፈረሱን የሚንከባከብ አገልጋይ ላኩላት። እሷም ከባርነት ነፃ የወጣሁ ያህል ሆነልኝ አለች። ከሁሉም ሥራ አንዱ ብቻ ነው የተነሳላት፤ ሊጡም ውሃውም አልቀረላትም። ግን ከሁሉ የከበደው ስለነበር ነፍሷ አረፈች። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ሥራን በሚዛን ለሁለት መክፈል ላይቻል ይችላል። ከባዱን አንዱን ማንሳት ግን ይቻላል።

«የቤት ሥራ በሸሪዓ የሴት ግዴታ አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ዑለማዎች በዚህ ላይ አንድ ቃል አይደሉም። የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሀብ የታወቀው አቋም ሚስት ምግብ ማብሰልና መሰል የቤት አገልግሎት በኒካሕ ውሉ አይገደድባትም የሚል ነው። እንደ ኢብኑ ተይሚያና ኢብኑል ቀይም ያሉት ደግሞ በአገሩ ልማድ፣ በአቅሟ ልክ ማገልገል አለባት ብለዋል። ግዴታ ያሉትም እንኳ መለኪያቸው መዕሩፍ፣ ማለትም መልካም የሚባለው ልማድ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በአል-በቀራ 228ኛው አንቀጽ ለሴቶች ግዴታቸውን የሚመስል መብት እንዳላቸው የነገረን በዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ግዴታዋ ነው?» ብቻ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት ሃያ ሊትር አዝላ ዳገት ስትወጣ ባል አህያውን ይዞ ቆሞ ማየቱ በየትኛው መዕሩፍ ውስጥ ይገባል?

የመንግሥት ፕሮግራም እንኳ ይህን አስልቷል። ሴፍቲኔት በ2015 (እ.ኤ.አ) በጀመረው ምዕራፉ የሴቶች የሕዝባዊ ሥራ ጫና ከወንዶቹ ግማሽ እንዲሆን ደንግጓል። ምክንያቱም ቤት ውስጥ የሚጠብቃት ሥራ አለ። እርከን ቆጣሪው ያየውን ባል ካላየው ያሳዝናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ቡና ሲፈላ ተቀመጡ። ከሱብሒ እስከ ዒሻእ ትናንት ማን ምን ሠራ? እሷም ትቁጠር፣ አንተም ቁጠር፤ ሳትቋረጡ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቃት፦ «ከዚህ ሁሉ የሚከብድሽ የትኛው ነው?» መልሷን አንተ አትገምት። አንተ ውሃው ይመስልሃል፤ ለእሷ ግን የሌሊቱ ልጅ ሊሆን ይችላል።

የተናገረችውን አንዱን ሥራ ሙሉ በሙሉ ውሰደው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። «ላግዝሽ» ብለን ስንጀምር ሥራው የእሷ ሆኖ ይቀራል፤ ማስታወሱ፣ ማዘዙ፣ መለመኑ ጭምር። ውሃው ያንተ ከሆነ ጀሪካኑ ባዶ መሆኑን የምታየው አንተ ነህ። አህያ ካለ ጫን፤ ከሌለ ተሸከም። «ሴታሴት» የሚል ጎረቤት ይኖራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ይደክመዋል።

እህቴ፣ አንቺም ከባዱን ንገሪው። የኩርፊያን ቋንቋ ሁሉም ባል አያነበውም። አስማእ የመንገዱን ነገር ባትነግረው ኖሮ ዙበይርም ያንን ቃል ባልተናገረ ነበር። የሱንም ድካም ቁጠሪለት። ሸክሙንም ዝም ብለሽ ወደ ሴት ልጅሽ አታዙሪው፤ እሷ ውሃ ስትወርድ ወንድሟ ደብተር ይዞ ከተቀመጠ ያው ኩርፊያ ለቀጣዩ ኒካሕ እየተቦካ ነው።

ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ በቤተሰባቸው አገልግሎት ላይ ይሆናሉ፣ የሶላት ወቅት ሲደርስ ይወጣሉ ብላለች። ከቤት ሥራ ተነስቶ ወደ መስጂድ መሄድ ሱና ነው ማለት ነው። እኛ ግን ከመስጂድ ተመልሰን የምንቀመጥ ነን።

ያ አላህ! የጓደኞቻችንን ሸክም የምናይበት ዓይን ስጠን። በቤቶቻችን መካከል መወደድንና እዝነትን አድርግልን። የዋግንና የአበርገሌን ምድር በዝናብ ካሰው። አሚን።