እፍኝ ሚዛን አይደለም

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር የኮሶ ትል ያስቸገረው ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው ኮሶ መጠጣትን ነው። ከሴቷ ዛፍ የተለቀመው ቀይ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፤ ተዘፍዝፎ አድሮ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ኮሶ ትል ማስወጣቱ እውነት ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲዎች ሳይቀሩ ይሸጡት ነበር። ነገር ግን እነሱ በሚዛን፣ ለአዋቂ ሰው 15 ግራም አካባቢ እየለኩ ሲሰጡ፣ እኛ ዘንድ መለኪያው እስካሁን እፍኝ ነው። የምመክረውም ይህ ነው፦ ያልተመዘነ ኮሶ አትስጡ፣ አትጠጡ።

እንደ ተረት አንድ መድኃኒት አዋቂና ሁለት ጎረቤቶች እናስብ። አንደኛው 65 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ገበሬ ነው። አዋቂው ከርሞ የቆየ፣ ሸካራ የሆነ ዱቄት አንድ እፍኝ ሰጠው፤ 20 ግራም ይሁን። እስከ እኩለ ቀን ሆዱን አስቀምጦት ትሉ ወጣለት፣ ምስጋናውም ለአዋቂው ሆነ። ሁለተኛዋ 40 ኪሎ የማትሞላ ሴት ናት። ለእሷ የደረሳት እፍኝ ክብደቱ ያው ቢሆንም፣ ዘንድሮ የተለቀመና በወንፊት የተነፋ ነው። እስከ ቀትር ምንም ባለማየቷ፣ «ልጄ፣ አልሠራልሽም፤ ድገሚው» ተባለችና ሌላ እፍኝ ጠጣች። ማታውን ትውከቱ አልቆም አላት፤ በማግስቱም ዓይኗ ደበዘዘ። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ገበሬው በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.3 ግራም ገደማ ሲወስድ፣ እሷ 1 ግራም ወሰደች። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ያውም ከአሮጌው የበረታውን።

ተረቱ የእኔ ቢሆንም ጉዳቱ የተረት አይደለም። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ የዓይን ነርቭን እንደሚጎዳ፣ ለዘለቄታው እስከማሳወር እንደሚደርስ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩ ሐኪሞች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት መዝግበዋል። ምክንያቱ ትሉን የሚያሽመደምደው ንጥረ ነገር ሰውንም የሚመርዝ መሆኑ ነው፤ ትሉን በሚጎዳውና ሰውን በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ሲያንስ ደግሞ የትሉ ጭንቅላት አንጀት ላይ ተጣብቆ ይቀርና ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ትሉ እንደገና ያድጋል። አበባው ሲያረጅ ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ የአምናው እፍኝና የዘንድሮው እፍኝ አንድ አይደሉም። የሰጪው እጅ ትልቅነትና የዱቄቱ ልመት ሲጨመርበት፣ በእፍኝ የሰጠ ሰው ምን ያህል እንደሰጠ አያውቅም።

«አባቶቻችን ሲጠጡት ኖረው ምን ሆኑ?» የሚል ይኖራል። ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም፤ ግን ጠጥቶ የዳነው ሲያወራ፣ ዓይኑ የፈዘዘው በሽታውን ለምቀኛ ወይም ለዛር ሰጥቶት አልፏል። ሌላው «ዕፅዋት ነው፣ አይጎዳም» ይላል። እንዶድም ዕፅ ነው፤ ልብስ ቢያጥብም ጠጪውን ሊገድል ይችላል። ሦስተኛው «ይህ አዋቂዎችን መናቅ ነው» ሊል ይችላል። አይደለም፤ የትኛው ዛፍ፣ የትኛው አበባ፣ በምን ሰዓት የሚለውን ያቆዩልን እነሱ ናቸው። የጎደለው ሚዛኑ ብቻ ነው፤ ሚዛን ደግሞ የበርበሬ ነጋዴ ሁሉ ያለው ዕቃ ነው።

ስለዚህ መድኃኒት አዋቂ ሆይ፣ መዝነህ ስጥ፤ አበባው መቼ እንደተለቀመ እወቅ። ለሴት ከመስጠትህ በፊት እርጉዝ መሆን አለመሆኗን ጠይቅ፤ ኮሶ ጽንስ ያስወርዳልና ለእርጉዝ አይሰጥም። ለሕፃን፣ ለደካማና ዓይኑን ወይም ጉበቱን ለሚያመውም አትስጥ። አልሠራም ብለህ በዚያው ቀን ፈጽሞ አትድገም። ጠጪውም ትውከት አልቆም ካለው፣ እይታው ከደበዘዘ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ የተረፈውን ዱቄት ይዞ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከሁሉም የሚሻለው ግን መጀመሪያውኑ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ መጠየቅ ነው፤ እነዚህ በሚሊግራም ተለክተው፣ ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ ተወስደው ትሉን ይገድላሉ። ሥጋን አብስሎ የሚበላ ሰው ደግሞ ትሉ መጀመሪያም አይገባበትም። ክኒኑ ባለበት ኮሶን አትምረጡ፤ በሌለበትም ያልተመዘነውን አትጠጡ።