የተበደለ ሰው ቃል

በደል የደረሰበት ሰው ብዕር ሲያነሣ በልቡ ውስጥ ሁለት ምኞቶች ይታገላሉ። አንደኛው የተነጠቀውን መብት ማስመለስ ነው፤ ሁለተኛው የነጠቀውን ሰው ማሳፈር ነው። በቁጣ ሰዓት ሁለቱ አንድ መስለው ይታያሉ፤ ወደ ወረቀት ሲወርዱ ግን መንገዳቸው ይለያያል። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፦ እውነት የያዘውን ተበዳይ ቃልህን መጥን ብሎ መምከር በበደል ላይ ሌላ በደል መጨመር ነውን?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ መሥሪያ ቤት የባለጉዳዮችን ማመልከቻ ይቀበል በነበረበት ጊዜ ያየው አንድ ነገር አለ። አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ የቤታቸውን የይዞታ ማረጋገጫ ለማውጣት አመልክተው ሦስት ጊዜ ቢመላለሱ ሦስት ጊዜም «ፋይሉ አልተገኘም» ተባሉ። በዚህም ተቃጥለው አራት ገጽ የሚሆን አቤቱታ ጻፉ። ከውስጡ ዋናው ዐረፍተ ነገር ይህን ይመስል ነበር፦ «ይህ ሌባ ሠራተኛ ጉቦ ካልበላ ፋይል እንደሚደብቅ አገር ያወቀው፥ ፀሐይ የሞቀው ነው፤ በቅርቡም በዚሁ ገንዘብ ቪላ ቤት ገዝቷል እየተባለ ይወራል።» ግልባጩንም ለሰባት መሥሪያ ቤቶች አደረጉ።

ሠራተኛው ስሜን አጥፍተውኛል ሲል ክስ መሠረተ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የጠፋውን ፋይል የሚጠይቅ አልተገኘም። ሽማግሌው የሚጠየቁት ስለ ሌብነቱና ስለ ቪላው ብቻ ሆነ፤ ስለ እነዚህ ደግሞ በእጃቸው አንዳች ማስረጃ አልነበረም። ከሳሽ ሊሆኑ የሚገባቸው ሰው ተከሳሽ ሆነው ቆሙ።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደተገለበጠ ለመረዳት ሕጉን መመልከት ይበቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044 በቃልም ሆነ በጽሑፍ በሕይወት ያለውን ሰው የሚያስጠላ፥ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ፥ መታመኑንና መልካም ስሙን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ የሠራ ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ይደነግጋል። በቁጥር 2047 ደግሞ ለተናጋሪው መከላከያ ይሰጠዋል፤ ይኸውም የተናገረው ነገር በትክክል የተወሰነ ፍሬ ነገር ሆኖ እውነትነቱን ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። ይህም መከላከያ ቢሆን ሰውየው የተናገረው ለመጉዳት ብቻ አስቦ መሆኑ ከተረጋገጠ አይጠቅመውም።

ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። «ፋይሉ በኅዳር 8 ቀን አልተገኘም ተብያለሁ» የሚለው ቃል የተወሰነ ፍሬ ነገር ስለ ሆነ ሊረጋገጥ ይችላል። «ሌባ» የሚለው ቃል ግን ቀኑም ቦታውም የሌለው የሰውን መላ ሕይወት የሚያጠቃልል ፍርድ ነው፤ ለዚህ ምን ምስክር ይጠራል? ከዚህም በላይ ስድቡ ራሱ በጸሐፊው ላይ ይመሰክራል፤ «ሊጎዳኝ እንጂ መብቱን ሊያስከብር አልጻፈም» ለሚለው ተቃዋሚ ከተበዳዩ እጅ የተሰጠ ማስረጃ ይሆናል። ሐሜትም ከዚህ አይሻልም። ብዙ ሰው «ተባለ»፥ «ይወራል» የሚሉትን ቃላት እንደ ጋሻ ይቆጥራቸዋል። ዳሩ ግን የሰማውን በፊርማው ሥር አድርጎ ለሹም የላከ ሰው ወሬውን ከሌላ አፍ ወደ ራሱ አፍ አዛውሮታል፤ አባቶቻችን ከአፍ የወጣ አፋፍ ያሉትም ለዚህ ነው። በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ለሚነገር ቃል ሕጉ በቁጥር 2048 ልዩ ጥበቃ አድርጓል፤ ለመሥሪያ ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ ግን የፍርድ ቤት ክርክር አይደለም።

ታዲያ ሽማግሌው እንዴት መጻፍ ነበረባቸው? በልባቸው ያለውን ነገር በሦስት መክፈል ነበረባቸው፦ ያዩትን፥ የሰሙትንና የገመቱትን።

ያዩትን በቀን፥ በቦታና በሰነድ ለይተው እንዲህ ይጽፋሉ፦ «ማመልከቻዬን መስከረም 12 ቀን አቅርቤ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ተቀብያለሁ። ጥቅምት 3፥ ጥቅምት 20 እና ኅዳር 8 ቀን በቀረብሁ ጊዜ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይሉ አልተገኘም የሚል መልስ ሰጥተውኛል።» ሠራተኛውም በማዕረጋቸውና በሥራ ክፍላቸው እንጂ በቅጽል ስም አይጠሩም።

የሰሙትን በሁለት መለየት ያስፈልጋል። ከራሱ ከሠራተኛው አፍ የሰሙት ከሆነ ቃሉን እንደ ወረደ ያስቀምጡታል። ሽማግሌውን በኋላ ብጠይቃቸው ሠራተኛው በኅዳር 8 ቀን «ያለ ሻይ ነገር አይንቀሳቀስም» እንዳላቸው፥ አብሯቸው የነበረው ጎረቤትም እንደ ሰማ ነገሩኝ። ከአራቱ ገጽ ውስጥ ይህ አልነበረም! «ጉቦ ጠየቀኝ» ብሎ ከመደምደም ይልቅ የተነገረውን ቃልና የሰማውን ምስክር መጻፍ ይበልጥ ይከብዳል፤ ለቃሉ ስም የሚያወጣለት መርማሪው ነው። ከሦስተኛ ሰው የተሰማው ግን፥ ያ ሰው በዓይኑ ያየና ሊመሰክር ፈቃደኛ ከሆነ ይጠራ ዘንድ ይጠየቃል፤ ካልሆነ የስሚ ስሚ ነውና ይቀራል። የቪላው ወሬ በዚህ ወንፊት አያልፍም።

የገመቱት ነገር ደግሞ በጥያቄ መልክ ይቀርባል፦ «ፋይሉ በማን እጅ እንደ ነበረ ከመዝገብ ቤቱ የመረከቢያ ደብተር ተጣርቶ መልስ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።» ይህ ዐረፍተ ነገር ማንንም አይከስም፤ ነገር ግን እውነቱ ካለበት ደብተር ላይ ጣቱን ያኖራል።

የግልባጩም ነገር እንዲሁ ነው። አቤቱታው ሊመረምርና ሊወስን ሥልጣን ላለው ቢቀርብ ዓላማው መብት መጠየቅ መሆኑ ይታወቃል። ጉዳዩ ለማይመለከታቸው ሲበተን ግን ስሙን የሚሰሙ ሰዎች ቍጥር ይበዛል እንጂ የሚወስን ሰው አይጨመርም።

ምናልባት አንድ ተከራካሪ «ጉቦ በጨለማ የሚሠራ ነው፤ የሚረጋገጠውን ብቻ ጻፍ ማለት በዳዩን መደበቅ አይሆንምን?» ይል ይሆናል። መቃወሚያው ቀላል አይደለም። ንጹሕ ማመልከቻም ቢሆን በዳይን ከመክሰስ አያግደውም፤ ተበዳዩ መልስ ይዞ እንዲቆም ያደርገዋል እንጂ። ደግሞም ቃልን መመጠን ዝም ማለት አይደለም። ሻይ የተጠየቀበትን ቀንና ቃል የጻፈ ሰው «ሌባ» ብሎ ከጮኸው ይልቅ አጥብቆ ተናግሯል፤ ከሚያውቀው አንዲት ፊደል አልቀነሰም፤ የማያውቀውን ግን አልጨመረም። እኔ የማላውቀውን በሌላው ላይ ብናገር፥ እርሱ የማያውቀውን በእኔ ላይ እንዳይናገር በምን አፌ እከለክለዋለሁ?

ሽማግሌው በመጨረሻ ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፉ፤ አንድ ገጽ ብቻ ነበረች። የመረከቢያው ደብተር ተከፍቶ ታየ፤ ፋይሉም ከአንድ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። የስም ማጥፋቱ ክስ ግን ገና አላለቀም ነበርና፥ የይዞታ ማረጋገጫቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ችሎት ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ።